ተመልሶ የመጣ አስተያየት

ሲስተር እሙዬን ጋምቤላ ውስጥ የማያውቃት ሰው ካለ ትናንት የገባ መሆን አለበት። ደግነቷን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ቁጣዋን ግን ሁሉም ያውቃል። ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ስትናገር ባሮ ድልድይ ላይ ያለ ሰው ይሰማታል ይሏታል። ይህ እንኳ ግነት ነው፤ ድልድዩ ሩቅ ነው። ማንጎው ዛፍ ሥር ተራ የሚጠብቁት እናቶች ግን ይሰማሉ፤ ይህን ማንም አይክድም።

ደብረ ታቦር ተወልዳ ጎንደር ነርስነት ከተማረች በኋላ በሰፈራው ዘመን «ለጥቂት ወር ነው» ተብላ ነበር ወደ ጋምቤላ የተላከችው። የመንግሥት ጥቂት ወር ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሰፈራው ጣቢያ ፈረሰ፣ መንግሥቱም ተለወጠ፣ ክፍለ ሀገሩም ክልል አሥራ ሁለት ተባለ፣ እሙዬ ግን እዚያው ናት። መጀመሪያ ሙቀቱ ሊገድላት ነበር። ከዚያ ወባው ሞከረ። ሁለቱም ሲያቅታቸው ተዋት፤ እሷም አገር አደረገችው። ልጆቿ እዚያው ተወልደው ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር በኑዌርኛና በአኙዋክኛ ሲጫወቱ እሷ መሃል ቆማ «ምን እያላችሁ ነው የምታሙኝ?» ትላቸዋለች። ከኑዌርኛ የምታውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው፤ «ማሌ» ትላለች፣ ከዚያ ቀጥላ በአማርኛ ትቆጣለች።

የምትመራው የእናቶችና ሕፃናት ክትባት ክፍሉን ነበር። በነጭ ጋዝ የምትሠራ ማቀዝቀዣ አለች፤ እሙዬ ጠዋት ከቤቷ ስትገባ ከሰው በፊት ሰላም የምትላት ማቀዝቀዣዋን ነው። ሙቀት መለኪያውን አይታ ነበልባሉን አስተካክላ ነው ወንበሯ ላይ የምትቀመጠው። ክትባት አንዴ ከሞቀ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ባሮ ሞልቷል ትል ነበር። እንደዚህ ዓይነት ሠራተኛ ናት። ከሥራዋ ላይ ነቀፋ የሚያገኝባት ሰው አልነበረም።

በክፍሉ ውስጥ አብራት የምትሠራው ጤና ረዳት ኛቴኒ የኢታንግ ልጅ ናት፤ ኑዌር ናት፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ሲናገሯት ዓይን ዓይን የምታይ። ኑዌርኛው የእናቷ ነው፤ አኙዋክኛውን ከጎረቤት፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት አገኘችው። እሷ በሌለችበት ቀን ክትባት ክፍሉ ዲዳ ነው። እሙዬም ይህን ታውቃለች። የነርስነት ሥልጠና ዕድል ለክልሉ ተወላጆች ሲመጣና ከጤና ጣቢያው አንድ ሰው ይላክ ሲባል «ከኛቴኒ ሌላ ማን አለ?» ብላ ያጨቻት ራሷ ናት። ሥልጠናው ጅማ ነው። ለመግባት ትምህርትም ያስፈልጋል፤ ትምህርቱ ነበራት። የሥራ አፈጻጸም ምዘናም ያስፈልጋል፤ ያ ነው ገና የቀረው።

ታዲያ ምዘናው ሊሞላ በቀረበበት ሰሞን አንድ ነገር ሆነ።

ሕፃን በተከተበ ቁጥር የሚመለስበት ቀን በካርዱና በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። ካርዱ ከእናቱ ጋር ይሄዳል፤ መዝገቡ ጤና ጣቢያ ይቀራል። በየሳምንቱ መዝገቡ ተገልጦ ማን መምጣት እንዳለበት ይታያል፤ የቀረ ካለ ሰው ተልኮ ይፈለጋል። ኛቴኒ ከተጓዥ የክትባት ቡድን ጋር ኢታንግ ወርዳ በነበረችበት ሳምንት በቦታዋ የገባችው ቤዛ፣ አዲስ የተቀጠረችው ጤና ረዳት፣ መዝገቡን ገልጣ ቀን የተጻፈላቸውን ሁሉ አስተናገደች። ቀን ያልተጻፈለትን ግን ከየት ታምጣው? በዚያው ሳምንት ከወንዙ በላይ ካለ መንደር አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጥታ ነበር። ማንጎው ሥር ቆማ አየች፤ ኛቴኒ የለችም። ስሟን የጠራም፣ ምን ፈለግሽ ያላትም አልነበረም። ተመለሰች። ከዚያ ዝናቡ ገባ፣ ውሃው ሞላ፣ ሰውም ወደ ከፍታው ተዛወረ።

ሴትየዋ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው ዳግም የመጣችው። ልጁ ሦስተኛውን ክትባት ሳይወስድ ወራት አልፈዋል። እሙዬ ካርዱን አየች፤ የሚመለስበት ቀን ባዶ። መዝገቡን ገለጠች፤ እዚያም ባዶ። ልጁ አጠገቧ ያስላል። ጉንፋን ነበር፤ እሷ ግን በዚያች ቅጽበት ትክትክ መስሏት ነፍሷ ወጣ። ነፍሷ ሲወጣ ደግሞ ድምጿም ይወጣል። ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ «ልጅ ነው ወይስ ጥጃ? እንዲህ የትም ጥለሽው የምትጠፊው!» ብላ ሴትየዋ ላይ ጮኸችባት። ከዚያ ወደ ኛቴኒ ዞራ «ተርጉሚላት!» አለቻት።

ኛቴኒ ዓይን ዓይኗን አየቻት። አልተረጎመችም። ሕፃኑን ተቀብላ እግሩን ለክትባቱ አዘጋጀች። እሙዬ ክትባቱን ሰጠች።

ከሰዓት በኋላ ምዘናውን ለመሙላት ተቀመጠች። ሰው ተናዶ እያለ ብዕር ማንሣት እንደሌለበት ማንም አልነገራት፤ ቢነግራትም አትሰማም። ነጥቡን ሞላች። «የቅርብ ኃላፊ አስተያየት» በሚለው ሥር እንዲህ ጻፈች፦ «ኩሩ፣ ግድ የለሽና ለበላይዋ አክብሮት የሌላት ናት። ትእዛዝ አትቀበልም። ጠባይዋ ካልተስተካከለ በቀር ለከፍተኛ ኃላፊነት አትመችም።» ጽፋ ስታበቃ ቀለል አላት። በታይፕ እንዲመታ ወደ ጤና ቢሮው ላከችው።

የቢሮው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ጋሽ ይግዛው ይባላሉ። ጎጃሜ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ጸሐፊ ሆነው መጥተው መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ማኅተሙን እየለወጡ እዚያው ወንበር ላይ ያረጁ ሰው። ሠራተኛው በስተጀርባ «አቶ መልሱ» ይላቸዋል፤ የሚላክላቸውን አስተያየት ስለሚመልሱ ነው። የእሙዬንም መለሱት። ደግነቱ ኛቴኒ አይታ ለመፈረም ገና አልደረሰችም። በወረቀቱ ጫፍ ላይ «እሙዬ፣ ራስሽ ነይ» የሚል በእርሳስ ተጽፎበት ነበር።

ሄደች። ገና ከበሩ «ጋሽ ይግዛው፣ የፊደል ስህተት ካለው እርስዎ አያርሙትም?» አለች።

«ፊደሉስ ጥሩ ነው፤ ከንዴትሽ ጋር እንኳ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» አሉ ወንበር እየጠቆሙ። «ተቀመጪ። እኔ ይህችን ልጅ አላውቃትም እንበል። አስጠርቼም ይህን አነበብኩላት እንበል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ ምን ለውጣ ትግባ?»

«ኩራቷን ትተዋ።»

«የት ታስቀምጠው? ማቀዝቀዣሽ ውስጥ?»

እሙዬ ልትስቅ ነበር፤ ንዴቷ ከለከላት። «ግድ የለሽ ናት አልኩዎት እኮ።»

«ግድ የለሽ ስትሆን በዓይንሽ ያየሽው ምንድነው?»

«የሚመለሱበትን ቀን አትጽፍም።»

«እሱን የት ጻፍሽው?» ወረቀቱን አገላብጠው የሚፈልጉ መሰሉ። «እዚህ የለም። እዚህ ያለው ስድብ ነው። ስድቡን ጽፈሽ ጥፋቷን ደበቅሽላት።»

እሳቸው ቀጠሉ፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ እያንዳንዷን ቃል እንደሚመትር ሰው። «ሁልጊዜ አትጽፍም? ለማን አትጽፍም? ከመቼ ጀምሮ? ባለመጻፏ ምን ደረሰ?»

«ባለመጻፏማ ሕፃን ክትባት ቀረበት!»

«ይኸው። ይሄ ሕፃን አስተያየትሽ ውስጥ የለም። ልጅቱ ስትፈርም የምታነበው ስለ ራሷ ጠባይ እንጂ ስለ ሕፃኑ አይደለም። አክብሮት የላትም ያልሽውስ?»

«አንቺ ትለኛለች። ደግሞ ዓይን ዓይኔን ታያለች።»

«አንቺ ማለቷ ከክትባት ጋር ምን አገናኘው? እዚህ አገር እኔንም አንተ የሚሉኝ ሞልተዋል፤ በክፋት አይደለም፣ በቋንቋቸው እርስዎ የሚባል ነገር ስለሌለ ነው። ይህን ያህል ዓመት ኖረሽ እሱ ጠፋሽ?» አሏትና ፈገግ አሉ። «ትእዛዝ አትቀበልም ያልሽውስ? ምን አዘዝሻት?»

እሙዬ አፏን ከፈተች። ከዚያ የምትለውን ስታስበው ራሷንም አስደነገጣት። «ተርጉሚ አልኳት።»

«ምኑን?»

«ቁጣዬን።»

ጋሽ ይግዛው ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት። «ይህን ጻፊውና እመታልሻለሁ» አሉ። አልጻፈችውም፤ ማን ይጽፋል?

ሊሸኟት ሲነሡ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሰማሽ እሙዬ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የወረቀቱ ይብሳል። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ነበር፤ አንድ አለቃ በንዴት ‹ሰነፍ› ብሎ ጻፈበት። አለቃው ሞተ። ቃሉ ግን ሰውየው በተዛወረበት ሁሉ ቀድሞት ይደርስ ነበር። ምን ቢሠራ ያን ቃል እንደሚያስፍቀው የሚያውቅ አልነበረም፤ ምን ሠርቶ እንደተጻፈበት ማንም አያውቅማ። እኔም ሳላውቅለት ጡረታ ወጣ። ልጅቱ ጥፋት ካለባት አትሸፍኚላት። ግን የምታርመውን ጥፋት ስጫት።»

እሙዬ መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመች ተመለሰች። ሽማግሌው በሙቀቱ ናላቸው ዞሯል አለች፤ እሷን ሊያስተምሩ ይፈልጋሉ አለች። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ግን እግሯ ወደ መዝገቡ ወሰዳት። «ለማን አትጽፍም?» የምትለዋ ጥያቄ እንደ እሾህ ተሰክታባት ነበር።

ገለጠችው። ሁሉም ባዶ አልነበረም፤ መጀመሪያ የገረማት ይሄ ነው። ለአስተማሪዎች ሚስቶች፣ ለነጋዴዎቹ፣ ለቢሮ ሠራተኞች ቀኑ በኛቴኒ ቁልጭ ያለ ጽሕፈት ተጽፏል። ባዶው ከከተማ ውጭ ለሚመጡት እናቶች ብቻ ነው። ግድ የለሽ ሰው እንዲህ እየመረጠ ግድ የለሽ አይሆንም። እሙዬ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ እንደገና አየች፤ ያው ነው።

ኛቴኒን ጠራቻት። በር ዘጋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆጣ ጠየቀቻት፦ «ለእነዚህ ቀኑን ያልጻፍሽው ለምንድነው?»

«ማንበብ አይችሉም፣ ሲስተር» አለች ኛቴኒ፤ ጥያቄው ራሱ አስገርሟት። «ካርድ ለእነሱ አይናገርም። እኔ ጨረቃ ነው የምነግራቸው። ዛሬ ጨረቃ እንዲህ ነው፤ ዞሮ እንዲህ ሲሆን ወደ እኔ ነዪ እላለሁ። ይመጣሉ። አንቺም ታያለሽ፣ ይመጣሉ።»

እውነቷን ነው፤ ይመጣሉ። ሌሎች ክፍሎች እናቶቹ ቀሩብን እያሉ ሲያለቅሱ የእሙዬ ክፍል ይሞላ የነበረው በማን እንደሆነ አሁን ገባት። ግን ነገሩ እዚያ አላለቀም።

«አንቺ ኢታንግ ስትሄጂስ?»

«ያቺ ሴትዮ ያኔ መጥታ አጣችኝ፤ ኋላ ነው የነገረችኝ» አለች ኛቴኒ።

«ካርዱ ለእናትየው ባይናገር ለቤዛ ይናገራል። መዝገቡ ለእኔ ይናገራል። እንግዲህ በቀኗ መጥታ ነበር፤ ‹ወደ እኔ ነዪ› ብለሻታላ፤ አንቺን ስታጣ ተመለሰች። ቀኑ ተጽፎ ቢሆን ቤዛ ስሟን ትጠራት ነበር። ባትመጣም ሰው እንልክባት ነበር። ጨረቃዋን የምታውቂው አንቺ ብቻ ከሆንሽ አንቺ ስትሄጂ ጨረቃዋም አብራሽ ትሄዳለች።»

ኛቴኒ መዝገቡ ላይ ጎንበስ አለች። ጣቷን በባዶዎቹ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ቀና ብላ ግን እንደ ልማዷ ዓይን ዓይኗን አየቻት። እሙዬም በዚያች ቀን ነው ዓይን ዓይን ማየቷ ንቀት ሳይሆን መስማት እንደሆነ የገባት። «ይሄን አላሰብኩም» አለች ኛቴኒ። «ጥፋት ነው። የኔ ነው።»

የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል፤ እሙዬም የዚያን ቀን ቁጭ ብላ ለቀመች። ወረቀቱን ቀድዳ በአዲስ ወረቀት ጻፈች። ከጻፈች በኋላ አንድ ስድብ በሌላ ስም ተመልሶ ገብቶ እንደሆነ ፈተሸች። «ትኩረት ይጎድላታል» የሚል አገኘች፤ ሰረዘችው። የቀረው ይህ ነበር፦

«ጤና ረዳት ኛቴኒ እናቶችን በቋንቋቸው ስለምታስረዳ ቀን የምትሰጣቸው እናቶች አብዛኞቹ በቀጠሯቸው ይመጣሉ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ግን የሚመለሱበትን ቀን በቃል ብቻ እየነገረች በካርዱና በመዝገቡ ላይ ሳትጽፈው ትቀራለች። በዚህ ምክንያት እሷ ለመስክ ሥራ በሄደችበት ሳምንት ሦስተኛ ክትባት መውሰድ የነበረበት ሕፃን ሳይከተብ መመለሱን ያወቀ ሠራተኛ አልነበረም፤ ክትባቱም ወራት ዘገየ። ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ሕፃን ቀኑን በካርዱም በመዝገቡም እንድትጽፍ፣ ለእናትየውም እንደ ልማዷ በቃል እንድትነግር ተነጋግረናል። በየሳምንቱ ዓርብ መዝገቡን አብረን እናያለን።»

ጋሽ ይግዛው ይህን ሲያነቡ የታይፕ መኪናቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «አሁን ይህችን ልጅ አወቅኋት» አሉ።

ኛቴኒ ከመፈረሟ በፊት ሁለቴ አነበበችው። በሠራተኛው አስተያየት ቦታ ላይ «ልክ ነው። ጀምሬአለሁ» ብላ ጻፈች፤ እውነትም ጀምራ ነበር። ከመጀመሪያው ዓርብ በኋላ ባዶ ቦታ የተገኘው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የእሙዬ ራሷ ጽሕፈት በነበረበት ገጽ ላይ ነበር። ኛቴኒ ጣቷን አስቀምጣ ጠበቀች። እሙዬ እያጉተመተመች ሞላችው።

የሥልጠናው ስም ዝርዝር ሲወጣ ኛቴኒ አለችበት። እሙዬ ደስታዋን የገለጠችው «እዚያ ደግሞ ሄደሽ እንዳታሳፍሪኝ» በማለት ነው። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ኛቴኒ ሳትሄድ በፊት ግምገማ መጣ።

ያንን ዘመን የኖረበት ሰው ግምገማ ምን እንደነበረ አይረሳም። ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ አለቃ ተነሥቶ ይቆማል፤ የፈለገ የፈለገውን ይለዋል። ሰው የሚመታው ደግሞ አስቀድሞ በተዘጋጀ ቃል ነበር። የደጋ ሰው ከሆነ «ትምክህተኛ»፣ የአገሩ ሰው ከሆነ «ጠባብ»፣ ዝም ያለ እንደሆነ «አድርባይ»። ቃሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ከገባ የሚወጣበት በር የለም። በእንዲህ ያለ ቃል ከወንበሩ የተነሣ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ከአገር የወጣ ነበር።

ተራው የእሙዬ ደረሰ። ሰብሳቢው ከቢሮ የተላኩ አቶ ኦቻንግ የሚባሉ አኙዋክ ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ነገር የማያባብሱ ሰው። አስተያየት ያለው ይናገር አሉ። ቦል የሚባል ወጣት የአካባቢ ጤና ሠራተኛ ተነሣ። እሙዬ ባለፈው ዓመት አንዴ ሰው ፊት አዋርዳዋለች፤ እሱም አልረሳውም። «ሲስተር ትምክህተኛ ናት። የአገሩን ሕዝብ ትንቃለች» አለ። ከኋላ «እውነት ነው» ያሉ ድምፆች ተሰሙ።

እሙዬ ወደ ድምፆቹ ዞረች። እዚህ አገር ወልዳለች፣ እዚህ አገር ቀብራለች። ልጆቿ ሌላ አገር አያውቁም። ልትመልስ ፈለገች፤ ምን ብላ? አልንቅም ማለት ለማን ይታያል? ንቀትን በየትኛው እጅ ይተውታል? በጋሽ ይግዛው ወንበር ፊት የተቀመጠችበት ቀን ትዝ አላት፤ ያን ጊዜ በሌላ ሰው ላይ ያነሣችው ድንጋይ አሁን በራሷ ላይ ሲወርድ ክብደቱን ለየችው።

አቶ ኦቻንግ ጸሐፊውን ተመልክተው «ትምክህተኛ በሚለው ይመዝገብ?» ሲሉ ኛቴኒ እጇን አወጣች።

«እኔ ልናገር» አለች ቆማ። «ያ ቃል አይመዝገብ። ያ ቃል ሲስተር ነገ ምን እንድታደርግ አይነግራትም። እኔ ያየሁትን ልናገር።»

አቶ ኦቻንግ ቀጥዪ አሏት።

«ሲስተር ትጮሃለች። እናቶች ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ክረምት ካለፈ በኋላ አንዲት እናት መጣች፤ ሲስተር ልጅሽ ጥጃ ነው ወይ አለቻት። ተርጉሚ አለችኝ። እኔ አልተረጎምኩም። ሴትየዋ ግን አማርኛ ባትሰማም ጩኸት ትሰማለች። ማንጎው ሥር የነበሩት ሁለት ሴቶች ተነሥተው ሄዱ፤ ሳያስከትቡ። እኔ መንደራቸው ሄጄ ለምኜ ነው የመለስኳቸው። ሲስተር ይሄን አታውቅም።»

አታውቅም ነበር። የእሙዬ እጅ አፏ ላይ ሄደ።

«ሲስተር አትንቅም» ቀጠለች ኛቴኒ። «ሕፃን ሲያስል ትፈራለች። ስትፈራ ትጮሃለች። እኔ የምፈልገው፣ መቆጣት ስትፈልግ እናትየዋን ወደ ውስጥ ታስገባ፣ በር ትዝጋ፣ መጀመሪያ ለምን ቀረሽ ብላ ትጠይቅ። እኔ ጥያቄውን እተረጉማለሁ። ቁጣውን አልተረጉምም። ለእኔም በር ዘግታ ነው የጠየቀችኝ። ጥፋቴን የዚያን ቀን ነው ያየሁት።»

ተቀመጠች። አቶ ኦቻንግ ጥቂት አሰቡና ወደ ቦል ዞሩ። «አንተስ ያየኸው ነገር አለ?» ቦል ሰው ፊት የተቆጣችውን ተናገረ፤ የት እንደሆነ፣ ምን እንዳለችው። ሲናገረው ድምፁ እየለዘበ ሄደ። እውነት ነበረና እሙዬ ተነሥታ ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ ሰብሳቢው «ሲስተር፣ የተባለውን ትቀበያለሽ?» ሲሏት፣ ትምክህተኛ የሚለውን መቀበል አትችልም ነበር፤ መካድም አትችልም ነበር፤ ይህን ግን ትችላለች። «እቀበላለሁ» አለች። «በር እዘጋለሁ። እጠይቃለሁ።» የተመዘገበውም ይኸው ነው።

ከአዳራሹ ስትወጣ ጋሽ ይግዛውን በረንዳው ላይ አገኘቻቸው። ኮፍያቸውን ይዘው ቆመዋል። «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው።

«እኔን ለምን? የተናገረችው ልጅቱ ናት።»

«ያን ወረቀት እንደጻፍኩት ቢመቱልኝ ኖሮ ዛሬ ማን ይናገርልኝ ነበር?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አድርገው በጥላው በኩል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሲስተር እሙዬ ከዚያ በኋላ መልአክ ሆነች ብል ጋምቤላ ሁሉ ይስቅብኛል። ትቆጣለች። ግን በር ዘግታ ትቆጣለች፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ደግሞ ቁጣው ግማሹ ያልቃል። «ለምን ቀረሽ?» ብላ ስትጠይቅ የማታውቃቸውን ነገሮች ሰማች፦ የሞላ ወንዝ፣ የታመመች አማት፣ ጀልባ የሌለበት ሳምንት። ማንጎው ሥር ያለው ጥላ አልበቃ አለ፤ እናቶቹ በዙ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለልጆቿ ከጸለየች በኋላ ሁለት ስም ትጨምራለች፤ አንዱ ይግዛው ነው፣ ሁለተኛዋ ኛቴኒ፤ ኛቴኒ እንኳ ጴንጤ ናት። እግዚአብሔር ይህን አይቆጥርም ትላለች።

ኛቴኒ ወደ ጅማ የምትሄድበት ጠዋት እሙዬ አውቶቡስ መነሻው ድረስ ሸኘቻት። ቆሎ በላስቲክ ቋጥራላታለች፤ ሹራብም ይዛለች፣ ደጋው ብርድ ነው ብላ። ስትመክራት፣ ስትመክራት፣ ምክሩ አለቀባት። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ።

«መቼ ነው የምትመለሺው?» አለቻት።

«ክረምት ላይ ዕረፍት አለ» አለች ኛቴኒ። ከቦርሳዋ ባዶ የክትባት ካርድ አወጣች፤ ከክፍሉ ይዛው ወጥታ ነበር። ጉልበቷ ላይ አድርጋ «የሚመለስበት ቀን» በሚለው ቦታ ላይ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ጻፈች። ካርዱን እሙዬ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያም አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ዞረችና በቃልም ነገረቻት፦ «ጨረቃ ሙሉ ይሆናል፣ ሲስተር።»

እሙዬ አውቶቡሱ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆመች። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሳ ማቀዝቀዣዋን አየች፣ ካርዱን መዝገቡ ውስጥ ከቀጠሮዎቹ ጋር አስቀመጠችው። ባትመጣ ሰው ትልክባታለች።